ከ x² ፊት ቁጥር ሲቀመጥ፦ የፋክተሪንግ ስህተቶችና ስህተቱን የሚለይ አጭር ፈተና (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ማጠናከሪያ እሰጣለሁ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እዚህና ኮምቦልቻ ካሉ የሙያ ጓደኞቼ፣ ከወላጆችና ከተማሪዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እሱም 2x² + 7x + 6 የመሰለ፣ ከ x² ፊት ከ1 የተለየ ቁጥር ያለው ኳድራቲክ ነው።

ልጆቹ x² + 7x + 12ን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠራሉ። 2x² + 7x + 6 ሲመጣ ለምን ይጠፋባቸዋል?

የያዙት ሕግ እዚህ ስለማይሠራ ነው። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ቁጥር ፈልግ፤ ሲባዙ መጨረሻውን፣ ሲደመሩ መሃሉን ይስጡህ። x² + 7x + 12 ላይ 3 እና 4 ይገኛሉ፤ (x + 3)(x + 4) ተብሎ ያልቃል።

አሁን (2x + 3)(x + 2)ን አባዙት። መሃሉ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። 2x በ2 ሲባዛ 4x ይሆናል፤ 3 በ x ሲባዛ 3x ይሆናል። ድምሩ 7x ነው። ቅንፎቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን 3 እና 2 ናቸው፤ እነሱ ቢደመሩ 5 እንጂ 7 አይሆኑም። ከፊት ያለው 2 ገብቶ አንዱን አብዝቶታል። ስለዚህ "ተደምረው መሃሉን ይሰጣሉ" የሚለው ነገር የሚሠራው ከ x² ፊት 1 ሲኖር ብቻ ነው። ልጁ ሕጉን ሲማር ይህን ገደብ አብሮ ካልሰማ፣ ሕጉን ለሁሉም ኳድራቲክ ማዋሉ አይገርምም።

በብዛት የሚታየው ስህተት የትኛው ነው?

(x + 6)(x + 1) ብሎ መጻፍ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ መምህሩ ራሱ ቶሎ ይሳሳታል። አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ከሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ይመጣል፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

አንዱ ተማሪ 2x² + 7x + 6 ተሰጥቶት (x + 6)(x + 1) ጻፈ። ሌላዋ ተማሪ 2x² + 7x + 3 ተሰጥቷት እሷም (x + 6)(x + 1) ጻፈች። ሁለቱም ኤክስ ተደርጎባቸው ደብተራቸው ቢመለስ አንድ ዓይነት ስህተት የሠሩ ይመስላሉ።

ልጁ ከፊት ያለውን 2 ጭራሽ አላየውም። መጨረሻ ላይ 6 አለ፤ 6 × 1 = 6፣ 6 + 1 = 7፣ አለቀ። ልጅቷ ግን ግማሽ መንገድ በትክክል ሄዳለች። 2ን በ3 አባዝታ 6 አገኘች። ተባዝተው 6፣ ተደምረው 7 የሚሆኑትን 6 እና 1 አገኘች። እስከዚህ ድረስ አንድም ጥፋት የለባትም። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ቀጥታ ቅንፍ ውስጥ ከተተቻቸው።

ለልጁ "ከፊት ያለውን ከኋላው ጋር አባዛ" ብትሉት አዲስ ነገር ነገራችሁት። ለልጅቷ ይህንኑ ብትነግሯት "አባዝቼዋለሁ እኮ" ትላችኋለች፤ እውነቷን ነው። እሷ የጎደላት ቀጣዩ እርምጃ ነው።

ይህን ስህተት ግትር የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። (x + 6)(x + 1) ሲባዛ x² + 7x + 6 ይሆናል። መሃሉ ልክ ነው! ብዙ ልጆች መልሳቸውን የሚያረጋግጡት መሃሉን ብቻ አይተው ነው። ለዚህ ነው ስህተት ነው ስትሏቸው "ቲቸር፣ መሃሉ እኮ መጣ!" ብለው የሚሟገቱት። መልሱ "አዎ፣ መሃሉ መጥቷል፤ x² ግን ስንት ሆነ?" የሚል ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ እስኪያየው ጠብቁት።

ተማሪ ነኝ። ለ2x² + 7x + 6 ያገኘኋቸው 4 እና 3 ትክክል ከሆኑ ለምን ቅንፍ ውስጥ አላስገባቸውም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። 4 እና 3 የቅንፍ ቁጥሮች አይደሉም። 7x የተሠራባቸው ሁለት ክፋዮች ናቸው። ከላይ (2x + 3)(x + 2)ን ስናባዛ 4x እና 3x አግኝተን ነበር። አሁን ያገኘሃቸው እነሱኑ ነው።

ሲባዙ 12 የሚሆኑበትም ምክንያት አለ። 4 የመጣው ከ2 × 2 ነው፤ የፊተኛው ቅንፍ የ x ቁጥር በኋለኛው ቅንፍ መጨረሻ ተባዝቶ። 3 የመጣው ከ3 × 1 ነው፤ የፊተኛው መጨረሻ በኋለኛው የ x ቁጥር ተባዝቶ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታባዛ 2 × 2 × 3 × 1 ይሆናል። ይህ ደግሞ ሁለቱ የ x ቁጥሮች (2 × 1 = 2) በሁለቱ መጨረሻዎች (3 × 2 = 6) ሲባዙ ማለት ነው። 2 × 6 = 12። የፊቱን በኋላው የምናባዛው ከዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ 7xን ሰንጥቀው፦

2x² + 4x + 3x + 6

ከፊተኞቹ ሁለቱ 2x አውጣ፣ ከኋለኞቹ 3 አውጣ፦

2x(x + 2) + 3(x + 2)

(x + 2) የጋራ ሆነ። እሱን ስታወጣ (x + 2)(2x + 3) ይቀራል። 3x + 4x ብለህ ገልብጠህ ብትሰነጥቀውም እዚያው ትደርሳለህ፤ ሞክረው።

"በፊቱ ቁጥር አካፍል" የሚለው አቋራጭ መንገድ ልክ ነው?

ልክ ነው፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ይከዳል። አቋራጩ እንዲህ ይላል። 4 እና 3ን አግኝ፣ (x + 4)(x + 3) ብለህ ጻፍ፣ ቁጥሮቹን በ2 አካፍል። (x + 2)(x + 3/2) ይሆናል። ክፍልፋዩ ሥር ያለውን 2 ወደ x ፊት ውሰድ፤ (x + 2)(2x + 3)።

ይህ አስማት አይደለም። ሙሉውን በ2 ብናባዛው 4x² + 14x + 12 ይሆናል፤ ያ ማለት (2x)² + 7(2x) + 12 ነው። 2xን እንደ አንድ ነገር ስናየው የድሮው ሕግ ይሠራል፦ (2x + 4)(2x + 3)። መጀመሪያ በ2 ስላባዛን አሁን በ2 እናካፍላለን፤ ከ(2x + 4) ውስጥ 2 ወጥቶ (x + 2) ይቀራል።

የሚከዳው የጋራ ቁጥር ሳይወጣ ሲቀር ነው። 4x² + 10x − 6ን እንውሰድ። 4 × (−6) = −24፤ ቁጥሮቹ 12 እና −2 ናቸው። በ4 ስናካፍል (x + 3)(x − 1/2)፣ ከዚያ (x + 3)(2x − 1)። ሲባዛ ግን 2x² + 5x − 3 ነው። የጋራ የነበረው 2 ድምፁን ሳያሰማ ጠፋ። መጀመሪያ 2 አውጥቶ 2(2x² + 5x − 3) ብሎ የጀመረ ልጅ ግን አይጠፋበትም። አቋራጩን የምታስተምሩ ከሆነ "መጀመሪያ የጋራውን አውጣ" የሚለውን ከፊቱ አስቀድሙ። እኔ ሰንጥቆ መሥራቱን አስቀድሜ አስተምራለሁ፤ ልጁ ምን እየሠራ እንደሆነ ያይበታል።

የጋራውን 2 መጣል ስህተት ነው ወይስ አይደለም? ልጄ አንዳንዴ ልክ፣ አንዳንዴ ስህተት ይባልበታል።

ልጅዎ ግራ የገባው በምክንያት ነው። 4x² + 10x − 6 = 0 ከሆነ ሁለቱንም ወገን በ2 ማካፈል ይቻላል። ዜሮ በ2 ቢካፈል ዜሮ ነው፤ የ x መልሶች አይለወጡም። 4x² + 10x − 6 ብቻውን ተሰጥቶ "ፋክተር አድርግ" ከተባለ ግን የሚካፈል ሌላ ወገን የለም። 2ን ከጣልነው የተሰጠንን ነገር በግማሽ ቀነስነው። መልሱ 2(2x − 1)(x + 3) ነው። ልጅዎን "የእኩል ምልክት አለ ወይስ የለም?" ብለው ይጠይቁት። ሒሳቡን ባያውቁትም ይህችን ጥያቄ መጠየቅ ይችላሉ።

ሲቧድኑ የማይነስ ምልክት የሚያምታታቸው የት ላይ ነው?

ሦስተኛው ተርም ማይነስ ሲሆን ነው። 6x² − 11x − 10ን እንይ። 6 × (−10) = −60፤ ቁጥሮቹ −15 እና 4 ናቸው። ልጁ 6x² + 4x − 15x − 10 ብሎ ይሰነጥቃል። ከፊተኞቹ 2x(3x + 2) ያወጣል። ከኋለኞቹ −5 ሲያወጣ ግን −5(3x − 2) ብሎ ይጽፋል። −10 ላይ ያየውን ማይነስ እንዳለ ወደ ቅንፍ ይዞት ገባ። −5 × −2 ደግሞ +10 እንጂ −10 አይደለም። ትክክሉ −5(3x + 2) ነው።

ቅንፎቹ እንዳልተመሳሰሉ ሲያይ አንዳንዱ "አይፈታም" ብሎ ይተወዋል። አንዳንዱ ግን የመጀመሪያውን ቅንፍ ብቻ ገልብጦ (3x + 2)(2x − 5) ይላል። መልሱ ትክክል ነው! የመጨረሻውን መስመር ብቻ የሚያርም መምህር ራይት አድርጎለት ያልፋል። ስህተቱ ልጁ ጋር ይቀራል፤ ሌላ ቀን ይመጣል።

ይህን ሁሉ የሚለይ አጭር ፈተና አለ?

እኔ የምጠቀምበት ይኸው። አምስት ጥያቄ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ያልቃል። ምርጫ የለውም፤ ሥራው መታየት አለበት። ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም፣ ሰሌዳ ላይ ጻፉትና በግማሽ ወረቀት ይሥሩት። ካልኩሌተር አይፈቀድ።

1. ፋክተር አድርጉ፦ 2x² + 7x + 6
2. ከዚህ ቀጥሉና ጨርሱ፦ 6x² + 4x − 15x − 10
3. እስከ መጨረሻ ፋክተር አድርጉ፦ 4x² + 10x − 6
4. xን ፈልጉ፦ 2x² + 5x − 3 = 0
5. ፋክተር ይደረጋል? ከሆነ አድርጉ፤ ካልሆነ ለምን እንዳልሆነ ጻፉ፦ 2x² + 5x + 4

ለምን እነዚህን ቁጥሮች መረጥክ?

1ኛው ጥያቄ የሁሉም ቁልፍ ነው። በ2x² + 7x + 6 ላይ 6 እና 1 ተደምረው 7 ናቸው፤ 4 እና 3ም ተደምረው 7 ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ የተሳሳቱ መንገዶች ወደ ሁለት የተለያየ መልስ ይወስዳሉ። የፊቱን 2 ያላየው (x + 6)(x + 1) ይላል። አባዝቶ ሳይሰነጥቅ የቀረው (x + 4)(x + 3) ይላል። ወረቀቱን አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። 2x² + 7x + 3 ብትሰጡ ግን የፊቱን 2 የማያየው ልጅ 3 እና 1 ተደምረው 4 ስለሚሆኑበት ባዶ ይተወዋል፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ ምንም አይነግራችሁም።

እንደ 2x² + 3x + 1 ያለ ጥያቄም አትምረጡ። 2ም 1ም የሚከፈሉበት መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ ምንም ሳይገባው ገምቶ ልክ ሊያመጣ ይችላል።

5ኛው የ1ኛው ምስክር ነው። 2 × 4 = 8፤ ተባዝተው 8 የሚሆኑት 1 እና 8 ወይም 2 እና 4 ናቸው፤ ድምራቸው 9 እና 6። ሁለቱንም ኔጋቲቭ ብናደርጋቸውም ድምሩ ኔጋቲቭ ይሆናል። 5 የለም። b² − 4acም 25 − 32 = −7 ነው። የፊቱን 2 የማያይ ልጅ ግን 4 እና 1ን አግኝቶ ደስ ብሎት (x + 4)(x + 1) ይጽፋል።

ወረቀቱን ሰብስቤያለሁ። እንዴት ላንብበው?

ነጥብ አትስጡ። ወረቀቶቹን እንደ ስህተታቸው ክምር ክምር አድርጉ።

1ኛው ላይ (x + 6)(x + 1)፣ 5ኛው ላይ (x + 4)(x + 1) የጻፈ ልጅ ከፊት ያለውን ቁጥር አላየም። ለእሱ ፋክተሪንግ አትጀምሩለት። (2x + 3)(x + 2) እና (x + 6)(x + 1)ን ጎን ለጎን ያባዛ። ልዩነቱን በገዛ እጁ ይጻፈው።

(2x + 6)(x + 1) የጻፈም የእሱ ጎረቤት ነው። 2ን አይቶታል፣ ግን መጨረሻ ላይ ለጠፈው። ሲባዛ መሃሉ 8x ይሆናል። እንደገና ያባዛ።

1ኛው ላይ (x + 4)(x + 3) ያለው ልጅ ግማሹን ይችላል። ለእሱ 2x² + __x + __x + 6 ብላችሁ ክፍት ቦታ ስጡት። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሲሠራ ይገባዋል። (2x + 4)(2x + 3) ያለውም በአቋራጩ ጀምሮ ማካፈሉን የረሳ ነው፤ x² ፊት 4 መምጣቱን አሳዩት።

2ኛው ላይ የሚታየው የኋለኛው ቅንፍ ነው። −5(3x − 2) ካለ፣ የመጨረሻው መስመር ልክ ቢሆንም ከስህተት ክምር ውስጥ አስገቡት።

3ኛው ላይ (2x − 1)(x + 3) ያለው የጋራውን 2 ጥሏል። (4x − 2)(x + 3) ያለው ምንም አልጣለም፤ ሲባዛ ልክ ይመጣል፣ ግን እስከ መጨረሻ አላደረሰውም። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅሏቸው።

4ኛው ላይ ትክክሉ x = 1/2 ወይም x = −3 ነው። x = −6 እና 1 ካለ፣ (x + 6)(x − 1) አድርጎታል፤ ወደ ክፍት ቦታው ልምምድ ላኩት። x = 1 እና −3 ካለ ግን ፋክተሪንጉን ችሎታል። 2x − 1 = 0 ብሎ መፍታት ሲገባው ቅንፉን አይቶ ቁጥሩን ብቻ አነበበ። x = −1/2 እና 3 ያለም እንዲሁ የመጨረሻውን እርምጃ ነው የሳተው። ለእነዚህ ልጆች ፋክተሪንግን ከሀ ብሎ ማስተማር ጊዜያቸውን ማባከን ነው።

አንድ ልጅ ሁለት ክምር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያኔ ከ1ኛው ጥያቄ ጀምሩ፤ እሱ ሲስተካከል ሌላው አንዳንዴ አብሮ ይስተካከላል።

ተማሪው ራሱን በራሱ የሚያረጋግጥበት ቀላል መንገድ አለ?

አለ፤ x = 1ን መተካት። 2 + 7 + 6 = 15። (x + 6)(x + 1) 7 × 2 = 14 ይሰጣል፤ ውድቅ። (x + 4)(x + 3) 20፣ (2x + 6)(x + 1) 16፣ (2x + 4)(2x + 3) 30። (2x + 3)(x + 2) ግን 5 × 3 = 15። አብሽሩ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ገደቡን ግን እወቁት። ከቅንፎቹ አንዱ (x − 1) ከሆነ 1 አይሠራም። 2x² + 5x − 7 በ x = 1 ዜሮ ነው፤ ስህተት የሆነው (x + 7)(x − 1)ም ዜሮ ነው። ያኔ x = 2ን ውሰዱ። 8 + 10 − 7 = 11፤ ስህተቱ 9 × 1 = 9 ይሰጣል፤ ትክክሉ (2x + 7)(x − 1) 11 × 1 = 11። ቅንፎቹ አልፎ አልፎ በአጋጣሚ በአንድ ቁጥር ላይ ሊገጥሙ ስለሚችሉ፣ ፈተና ላይ ጊዜ ካለ ሦስቱንም ተርም አባዝቶ ማየት ይሻላል።

ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። እንዳይኮራረጁስ?

ይህን የጠየቀኝ ኮምቦልቻ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ለሁለተኛው ረድፍ 1ኛውን በ3x² + 13x + 12 ቀይሩት። ትክክሉ (3x + 4)(x + 3) ነው። 12 እና 1 ተደምረው 13፣ 9 እና 4ም ተደምረው 13 ስለሆኑ ወጥመዱ አንድ ነው፦ (x + 12)(x + 1) ያለው የፊቱን 3 አላየም፤ (x + 9)(x + 4) ያለው አልሰነጠቀም። 5ኛውን ደግሞ በ3x² + 7x + 6 ቀይሩት። አይከፈልም፤ 49 − 72 = −23። የፊቱን 3 የማያየው ግን (x + 6)(x + 1) ብሎ ይጽፍላችኋል። 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛው ባሉበት ይቆዩ፤ እዚያ ላይ የምታዩት ሥራውን ስለሆነ የተኮረጀ መልስ ብዙ አያታልላችሁም።